የቀሩትን ልጆች በ5 ደቂቃ ስለ ኤልኒኖ ላስረዳ ነው፤ የምናገረውን እዩልኝ

ቤዛ 4 ኪሎ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ናችሁ። አጭር ነገር ልጠይቅ ነበር፤ ስጽፈው ረዘመ፣ ታገሱኝ።

ዛሬ ጠዋት የአየር ንብረት ሥርዓት ትምህርት ነበረን። ዝናቡን አይታችሁታል። ከፒያሳም ከመገናኛም ታክሲ ጠፋ፤ ከክፍሉ ግማሹ አልመጣም። መምህራችን «የመጣችሁት ላልመጡት ትነግራላችሁ» ብለው ዕጣ አወጡ፤ ለእኔ ደረሰኝ። ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት፣ 5 ደቂቃ፣ ያለ ስላይድ፣ በቃል። ዝናብ ያስቀራቸውን ልጆች ስለ ዝናብ ላስተምር ማለት ነው።

ድምፄን አውጥቼ ሳነበው 9 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈጀ። የሚቆረጠውን ንገሩኝ። ስሕተትም ካለ ሳታፍሩ ንገሩኝ። ዋናው ክፍል ይኸው፦

«እንደምን አደራችሁ። የማክሰኞው ትምህርት ስለ ኤልኒኖ ነበር። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጊልበርት ዎከር በ1904 የህንድን የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ሊመራ ሄደ። በፓስፊክ በኩል የአየር ግፊት ከፍ ሲል በህንድ ውቅያኖስ በኩል ዝቅ እንደሚል፣ ያኛው ከፍ ሲል ደግሞ ይኼኛው እንደሚወርድ አየ። በ1969 ያኮብ ብየርክነስ ይህን የአየር ጨዋታ ከባሕሩ ሙቀት ጋር አገናኘው። ኤልኒኖ የሚባለው የመካከለኛው ፓስፊክ ውኃ ከአማካዩ 0.5 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሲሞቅ፣ ይህም ቢያንስ በ5 ተከታታይ ተደራራቢ የሦስት ወር አማካዮች ሲታይ ነው። አንድ ሳፋ ውኃ አስቡ። ከአንድ ጎን እፍ ስትሉ ውኃው ወደ ወዲያኛው ጎን ይከመራል። እፍታውን ስታቆሙ ተመልሶ ይመጣል። ኤልኒኖ ይኸው ነው። በ2015 ኃይለኛ ኤልኒኖ ስለነበር በኢትዮጵያ ዝናብ ጠፋ፤ ድርቅም ሆነ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ካርቦን፣ ስለ በረዶ ግግርና ስለ ስምምነቶች ሌላ 4 ደቂቃ አለ። እሱን አላስነብባችሁም።

---

ማይክ ያዥ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:15

ቤዚ፣ ሬዲዮ ላይ ጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ። ትምህርቱን አላውቀውም፤ ጆሮ ግን አውቃለሁ።

«ቢያንስ በ5 ተከታታይ ተደራራቢ የሦስት ወር አማካዮች» የምትለውን አንዴ ጮክ ብለሽ በያት። ምላስሽ ካልተጠላለፈ እኔ ከሥራዬ እለቃለሁ። አድማጭ ወደ ኋላ ተመልሶ አያነብም። አንዴ ካመለጠው አመለጠው።

ሁለተኛ፣ መክፈቻሽ 1904 ነው። በዝናብ የቀረ ልጅ ዎከር ምኑ ነው? በሳፋው ጀምሪ።

ሦስተኛው ይብሳል። «በ2015» ስትዪ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚሰማው የእኛን 2015 ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመቱን። አንቺ የፈለግሽው የፈረንጁን ነው፤ በእኛ 2007። ጽሑፍ ላይ እ.ኤ.አ. ይባላል፤ በቃል ሲሆን «በእኛ በ2007 ክረምት» በይና ጨርሺ።

---

ናቲ ሜክሲኮ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ይሄ 5 ደቂቃ አይፈጅም። ኤልኒኖ መጣ፣ ድርቅ። ተቃራኒዋ ላኒና መጣች፣ ዝናብ። ጨረስሽ። ባይሆን የ77ቱን ረሃብ ምሳሌ አድርጊ፤ 2007ን ማንም አያስታውስም፤ 77ን የማያውቅ የለም። የ65ቱ የወሎም እንደዚያው።

---

ጃንጥላ ፒያሳ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ይቅርታ፣ ጣልቃ ገባሁ። እኔ ፒያሳ ጃንጥላና የዝናብ ልብስ ነው የምሸጠው። ኤልኒኖ ካለ ዘንድሮ ክረምቱ አይዘንብም ማለት ነው? ዕቃ ላዝዝ ነበር። የምታውቁ ካላችሁ ቶሎ ንገሩኝ፤ አስመጪው እስከ ሐሙስ ነው የሚጠብቀኝ።

---

የዝናብ መለኪያ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

እንደምን አደራችሁ። ብዙ ዓመት የሠራሁት በወቅት ትንበያ ላይ ነው፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለዚህ ጊዜ አለኝ፤ ትንሽ ልዘርዝር።

ቤዛ፣ ልጄ፣ ሳፋሽን ወድጄዋለሁ። እውነተኛው ሳፋም እንዲያ ነው። በደህናው ጊዜ ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። የሞቀውን የገጽ ውኃ ከደቡብ አሜሪካ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋዋል። በኢንዶኔዥያ በኩል ያለው የባሕር ወለል ከፔሩ በኩል ካለው ግማሽ ሜትር ያህል ይበልጣል። በፔሩ በኩል ደግሞ ከታች ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል።

ግን «እፍታውን ስታቆሙ» ያልሽው ጋ አንድ ጥያቄ ይነሳል። እፍ የሚለው ማን ነው? በሳፋው አንቺ ነሽ። በፓስፊክ ግን ነፋሱን የሚያነፍሰው ራሱ የውኃው ሙቀት ልዩነት ነው። ምዕራቡ ሞቃት፣ ምሥራቁ ቀዝቃዛ ስለሆነ አየሩ ወደ ሞቃቱ ይሮጣል። ምሥራቁ ትንሽ ከሞቀ ልዩነቱ ይቀንሳል፤ ነፋሱ ይደክማል። ነፋሱ ሲደክም ሞቃቱ ውኃ ይመለሳል፤ ምሥራቁ ይብስ ይሞቃል። ነፋሱም ይብስ ይደክማል። ዶሮዋና እንቁላሏ ነው። የብየርክነስ ሥራ ይህችው ናት። ስሙን ትተሽ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ብትይ ይሻላል።

ናቲ፣ ግማሹን ልክ ነህ። የ65ቱ፣ ማለትም በፈረንጁ 1972፣ ኃይለኛ የኤልኒኖ ዓመት ነበር። የ77ቱን ግን ተወው። ዝናብ የጠፋው በ1976 ክረምት ነው፤ በፈረንጁ 1984። ያኔ ፓስፊክ አልሞቀም፤ እንዲያውም ወደ መቀዝቀዙ ነበር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደካማ ላኒና ሆኗል። ትልቁ ኤልኒኖ ከዚያ በፊት መጥቶ በ1983 አልቆ ነበር። ዝናቡ ከሰሃራ በረሃ በታች ባለው በመላው የሳህል ቀጠና የተዳከመበት ዘመን ነው፤ ምክንያቱ ወደ አትላንቲክ በኩል ያደላል። ረሃቡን ረሃብ ያደረገው ደግሞ ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ ጦርነቱንና የዚያን ጊዜውን ፖለቲካ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቤዛ 77ን ምሳሌ ብታደርግ አንድ ታሪክ የሚያውቅ ልጅ ተነስቶ ያፋጥጣታል።

ጃንጥላ ሻጩ ወንድሜ፣ ዕዘዝ። ለምን እንደሆነ ማታ እጽፍልሃለሁ፤ አሁን ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ።

---

ያቤሎ ልጅ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:30

«ላኒና መጣች፣ ዝናብ» ያልከው ናቲ፣ እባክህ ቦረና መጥተህ እንዲህ አትበል።

በፈረንጁ ከ2020 እስከ 2022 ላኒና ሦስት ዓመት ተከታትላ መጣች። ክረምት የሚዘንብላቸው አካባቢዎች ጥሩ አገኙ። እኛ ጋ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። ሀጋያ ቢሉ የለም፣ ጋና ቢሉ የለም። ያኔ እዚህ አዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ ተከራይቼ ነው የምማረው። ጃንጥላ ይዤ በጎርፍ ውስጥ እየዘለልኩ ስልክ እደውላለሁ፤ እናቴ «ዛሬም አንድ ላም ወደቀች» ትለኛለች። 40 ነበሩን፤ የቀሩት 6 ናቸው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ የዘንድሮ ዝናብ ለአገሪቱ ጥሩ ነው ይላል። የትኛው አገር?

ቤዛ፣ ቢያንስ «በኢትዮጵያ ዝናብ ጠፋ» የምትለውን አስተካክዪ። ክፍልሽ ውስጥም የእኛ አገር ልጅ አይጠፋም።

---

ቤዛ 4 ኪሎ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:10

እህቴ፣ አዝናለሁ። እውነት ለመናገር መምህሩ ይህን ብለውታል። ማስታወሻዬ ላይ «ደቡብ = ተቃራኒ!!» ብዬ ጽፌ ከብቤዋለሁ። ለምን ተቃራኒ እንደሚሆን ስላልገባኝ ነው የዘለልኩት። ያልገባኝን መዝለል ልማዴ ነው።

ጋሼ የዝናብ መለኪያ፣ እሱን ቢያስረዱኝ? አንድ ኤልኒኖ እንዴት አንዱን አድርቆ ሌላውን ያጠጣል?

---

የዝናብ መለኪያ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:50

ይህ ነው የትምህርቱ እምብርት። ቤዛ፣ 5 ደቂቃሽን እዚህ ላይ አፍሺው።

መጀመሪያ የእኛን ክረምት እንይ። ከሰኔ እስከ መስከረም። ከደጋው በላይ፣ በ12 እና በ15 ኪሎ ሜትር ከፍታ መካከል፣ ከህንድ በኩል ወደ ምዕራብ የሚሮጥ ኃይለኛ ነፋስ አለ። እንደ ማድ ቤት ጭስ ማውጫ አስቢው። ማውጫው በደንብ ሲስብ ከታች ያለው እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል፣ ይዘንባል። ኤልኒኖ ሲመጣ ትልቁ የዝናብ ማዕከል ከኢንዶኔዥያ ወደ ፓስፊክ መሃል ይዞራል፤ እሱን ተከትሎ ያ የላይኛው ነፋስ ይደክማል። ማውጫው አይስብም። አየሩ ከላይ ተጭኖ ይወርዳል። ከታች እርጥበት ቢኖር እንኳ ደመናው አያድግም። ይህ በብዛት የሚጎዳው ሰሜን ምሥራቁን ነው። አፋርን፣ የወሎንና የትግራይን ምሥራቅ፣ ሐረርጌን።

አሁን ጥቅምት ይምጣ። የዝናቡ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ወርዷል። ጭስ ማውጫው ሥራውን ጨርሷል። ለቦረናና ለሶማሌ አሁን ወሳኙ ህንድ ውቅያኖስ ነው። ኤልኒኖ ባለበት ዓመት በህንድ ውቅያኖስ ላይ በምድር ወገብ ያለው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አፍሪካ ይዞራል። ሞቃት ውኃ ወደ ሶማሊያና ኬንያ ዳርቻ ይከመራል። ሞቃት ባሕር ደግሞ እርጥበት ይልካል። ስለዚህ ዝናብ፤ አንዳንዴም ጎርፍ። በላኒና ሁሉም ይገለበጣል። የያቤሎዋ ልጅ የነገረችን ይኸው ነው።

በፈረንጁ 1997ን ውሰጂ። በአንድ ዓመት ክረምቱ ቀነሰ፤ ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ዋቢ ሸበሌ ሞልቶ ሶማሊያን አጥለቀለቃት። በ2023 ኅዳር የሶማሌ ክልልን ጎርፍ ያስታወሰ አለ? ያም የኤልኒኖ መጸው ነበር።

ግን «ሁልጊዜ» እንዳትዪ። ህንድ ውቅያኖስ የራሱ ጠባይ አለው። በ2019 መጸው ይህ ነው የሚባል ኤልኒኖ አልነበረም፤ የህንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ ብቻውን ክፉኛ ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካን በዝናብ ደበደባት።

ለጃንጥላው ወንድሜ ቃሌን ልጠብቅ። ትንበያ «ከመደበኛ በታች» ሲል «አይዘንብም» ማለቱ አይደለም። 30 ዓመት ውሰድ። ዝናባቸውን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድርና በሦስት ክፈላቸው። የመጀመሪያዎቹ 10 ከመደበኛ በታች ናቸው፤ መሃሎቹ መደበኛ፤ የመጨረሻዎቹ በላይ። ምንም ባታውቅ ዕድሉ ለእያንዳንዱ ሲሶ ነው። ኤልኒኖ ሲኖር፣ ለምሳሌ ያህል፣ ከ10 ክረምት 5ቱ ታች፣ 3ቱ መሃል፣ 2ቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሚዛኑ አዘነበለ እንጂ አልተወሰነም። አዲስ አበባ ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ በአማካይ በእያንዳንዱ ወር ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ሩቡ ቢቀነስ እንኳ ፒያሳ ላይ ጃንጥላ ያስፈልጋል። ድርቅ አርሶ አደሩን የሚጎዳው ዝናቡ ዘግይቶ ጀምሮ ቀድሞ ሲያቆምና መሃሉ ላይ ሲቋረጥ ነው። የአንተን ደንበኛ የሚያስሮጠው የአንድ ከሰዓት ዶፍ ነው። ሁለቱ የተለያየ ነገር ናቸው።

---

ሰንዳፋ 90 · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:25

ጋሼ 1997 ሲሉ የእኛን 1990 ጥቅምትና ኅዳር ነው አይደል? ገና ልጅ ነበርኩ። አባቴ ጤፉን አጭዶ ከምሮታል። ሰማዩ በኅዳር አልዘጋ አለ። ነዶው ውስጡ ሞቆ በቀለ፤ አረንጓዴ ሆነ። ሽማግሌዎቹ «የእግዜር ቁጣ» አሉ። ለካ ሞቃት ባሕር ኖሯል። ዛሬ ነው የገባኝ፤ ከስንት ዓመት በኋላ።

ስለዚህ በእኛ ዘንድ ኤልኒኖ ሁለቴ መታን ማለት ነው? በክረምት አሳንሶ፣ በመኸር አብዝቶ?

---

የዝናብ መለኪያ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:50

አዎ ወንድሜ። በዚያ ዓመት ያለ ጊዜው የመጣው ዝናብ ደጋው ላይም ወጥቶ አዝመራ አበላሽቷል። ሁልጊዜ እዚህ ድረስ አይደርስም።

---

ናቲ ሜክሲኮ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:30

እሺ፣ 77ን ተሸነፍኩ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ፓስፊክ እንደዚህ የሚታይ ከሆነ ለምን መጋቢት ላይ አይነግሩንም? ገበሬው ዘሩን ይመርጥ ነበር። የሚነግሩን ክረምቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው። ስንፍና ነው።

---

የዝናብ መለኪያ · ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:05

ስንፍና ቢሆን ይስተካከል ነበር። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፓስፊክ ሊገለበጥ የሚችልበት ጊዜ ነው። የምሥራቁና የምዕራቡ የሙቀት ልዩነት በዓመቱ ትንሹ የሚሆነው ያኔ ነው፤ ነፋሱም ደካማ ነው። ስለዚህ ትንሽ ግፊት ወዲያም ወዲህም ሊወስደው ይችላል። ዓለም ላይ ያሉ ትንበያዎች ሁሉ በዚህ ወቅት ይደክማሉ። ሰኔ ካለፈ በኋላ ይጠራል።

በ2014 መጋቢት፣ በፈረንጁ ነው የምለው፣ ከባሕሩ ሥር ትልቅ የሞቀ ውኃ ማዕበል ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ታየ። እንዲህ ያለ ማዕበል ፓስፊክን ለመሻገር ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። ብዙ ባለሙያ «የክፍለ ዘመኑ ኤልኒኖ መጣ» አለ። ነፋሱ ግን አልተባበረም። ዶሮዋ እንቁላል አልጣለችም። በሐምሌ ነገሩ ከሰመ። በዚያን ጊዜ «ድርቅ ይመጣል» ብለን ለገበሬው ብንነግረው፣ በ2015 እውነተኛው ሲመጣ ማን ይሰማናል?

በ2015 ደግሞ የከፋው ነገር በልጉ ከኤልኒኖው በፊት መክሸፉ ነው። ገበሬው ዘርም አቅምም አጥቶ ነበር ክረምቱን የጠበቀው። ክረምቱ ዘገየ፣ ከዚያም ሳሳ። በዓመቱ መጨረሻ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ያስፈልገዋል ተባለ። ቤዛ፣ ቁጥር አንድ ብቻ የምትጠቅሺ ከሆነ ይህን ጥቀሺ።

---

ማይክ ያዥ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 5:40

ቤዚ፣ ጋሼ የነገሩንን ሁሉ ልትዪው እንዳትሞክሪ። በቃል ደህና ፍጥነት በደቂቃ 100 ቃል ገደማ ነው፤ ለ5 ደቂቃ 500። ከዚያ ላይ ሳቅና ማቋረጥ ቀንሺ። እኔ 350 ነው የምሰጥሽ። ሳፋ፣ ጭስ ማውጫ፣ ሞቃት ባሕር። ሦስት ምስል። አራተኛ ካከልሽ የመጀመሪያው ይረሳል።

---

ቤዛ 4 ኪሎ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:10

እሺ። ካርቦኑንም፣ በረዶውንም፣ ዎከርንም አወጣሁ። ዎከር አሳዝኖኛል። አዲሱ ይኸው፤ ወንድሜን ወጥ ቤት አስቀምጬ ለካሁት፣ 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ፦

«ማክሰኞ ለምን እንደቀራችሁ አውቃለሁ፤ ዝናብ ነው። የቀረባችሁም ስለ ዝናብ ነው።

አንድ ሳፋ ውኃ አስቡ። በግራ በኩል ሆናችሁ እፍ በሉ። ውኃው ወደ ቀኝ ይከመራል። ፓስፊክ ውቅያኖስ እንዲህ ነው። ነፋሱ የሞቀውን ውኃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይከምረዋል። ሞቃት ውኃ ባለበት ይዘንባል። አሁን ነፋሱ ይድከም። ሞቃቱ ውኃ ይመለሳል። ዝናቡም ተከትሎት ይሄዳል። ይህ ኤልኒኖ ነው። ነፋሱ ስለደከመ ውኃው ይመለሳል፤ ውኃው ስለተመለሰ ነፋሱ ይብስ ይደክማል። ማን ጀመረው ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ታዲያ ፓስፊክ ከአራት ኪሎ ምን አገናኘው? ቀና በሉ። ከዚህ ጣሪያ በላይ፣ አውሮፕላን ከሚሄድበትም ከፍ ብሎ፣ በክረምት ኃይለኛ ነፋስ አለ። የደጋው ጭስ ማውጫ ነው። እሱ ሲስብ እርጥቡ አየር ይወጣል፣ ይዘንባል። ኤልኒኖ ሲመጣ ማውጫው ይደክማል። በእኛ በ2007 ክረምት የሆነው ይህ ነው። በልጉ ቀድሞ ከሽፎ ነበር፤ ክረምቱ ደግሞ ሳሳ። 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ አስፈለገው።

አሁን ግን ካርታውን ወደ ታች ሳቡት። ቦረና። ሶማሌ። እነሱ በክረምት አይዘንብላቸውም፤ የእነሱ ዝናብ በመጸውና በፀደይ ነው። በኤልኒኖ መጸው ህንድ ውቅያኖስ በእኛ በኩል ይሞቅና ዝናብ ይልክላቸዋል፤ አንዳንዴም ጎርፍ። ላኒና ስትመጣ ደጋው ይጠግባል፤ እነሱ ይደርቃሉ። አንዲት የያቤሎ ልጅ አለች። ሦስት ዓመት በተከታተለው ላኒና ቤተሰቧ ከ40 ከብት 6 ቀረው። እሷ እዚህ ስታዲየም አካባቢ በጎርፍ ውስጥ ጃንጥላ ይዛ ነበር።

የፊት ረድፍ፣ አሥር ሰው ተነሱ። እናንተ አሥር የኤልኒኖ ክረምት ናችሁ። አምስታችሁ ቁጭ በሉ፤ እናንተ ከመደበኛ በታች ናችሁ። የቆማችሁትን እዩ። ኤልኒኖ መጣ ማለት ሁሉም ቁጭ አለ ማለት አይደለም።»

እዚህ ላይ አቆማለሁ። ያቤሎ ልጅ፣ ያንቺን ታሪክ መጠቀም እችላለሁ?

---

ያቤሎ ልጅ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:35

ተጠቀሚበት። «አንዲት ልጅ» ብቻ በይ፣ ስታዲየም ምናምን ተዪው። ሌላ ደግሞ፣ «መጸውና ፀደይ» ከምትዪ «ሀጋያና ጋና» በይ። የእኛ ልጅ ካለ ጆሮው ይቆማል።

---

የዝናብ መለኪያ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4:00

ሁለት እርማት። «ሁልጊዜ» ባትዪም «ዝናብ ይልክላቸዋል» የሚለው እርግጠኛ ይመስላል። «አብዛኛውን ጊዜ» ጨምሪ። አሥሩንም ስታስነሺ «5 የሚለው ለምሳሌ ነው» በይ፤ አለዚያ ፈተና ላይ 5 ብለው ይጽፉታል። የቀረው ደህና ነው። ዎከርም አይቀየምሽም።

---

ቤዛ 4 ኪሎ · ዓርብ፣ ከቀኑ 8:20

ተናገርኩ። 5 ደቂቃ ከ40። ከአሥሩ አንዱ አልቀመጥም ብሎ ሳቅ ሆነ፤ እዚያ ላይ ነው ጊዜው የሄደው።

ሁለት ጥያቄ ተነሳ። አንዱ ልጅ «ነፋሱ ውኃውን፣ ውኃው ነፋሱን እየባሰ የሚያደክም ከሆነ፣ ታዲያ ኤልኒኖ ለምን ያልቃል? ለዘላለም ለምን አይሆንም?» አለ። ዝም አልኩ። መምህሩም «ጥሩ ጥያቄ» ብለው ለሚቀጥለው ሳምንት አሻገሩት። ሁለተኛው «የዓለም ሙቀት ሲጨምር ኤልኒኖ ይበዛል ወይ?» የሚል ነበር።

---

የዝናብ መለኪያ · ዓርብ፣ ከቀኑ 10:45

ለመጀመሪያው፣ ሞቃቱ ውኃ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቀስ እያለ ይፈስሳል። ሳፋው ስለሚጎድል ከታች ያለው ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ላይ ይቀርባል፤ የሚያሞቀው ነገር ያልቅበታል። ለዚህ ነው ከትልቅ ኤልኒኖ በኋላ ብዙ ጊዜ ላኒና የምትከተለው። ግን ለምን አንዳንዷ ላኒና ሦስት ዓመት ትቆያለች? እዚያ ላይ ባለሙያዎቹም ይከራከራሉ።

ለሁለተኛው ሞዴሎቹ አይስማሙም። አብዛኞቹ የፓስፊክ ምሥራቅ ከምዕራቡ ይበልጥ ይሞቃል ይሉ ነበር። ባለፉት 40 ዓመታት የተለካው ግን ከዚያ ይለያል፤ ምሥራቁ ብዙም አልሞቀም። ሞዴሉ ነው የተሳሳተው ወይስ ባሕሩ ገና ነው? ለእኔም አልተፈታልኝም።

---

ናቲ ሜክሲኮ · ዓርብ፣ ከቀኑ 11:10

እኔ ሞዴሉን ነው የማምነው። ቴርሞሜትር ይሳሳታል።

---

ያቤሎ ልጅ · ዓርብ፣ ከቀኑ 11:15

ናቲ፣ አንተ ደግሞ።

---

ጃንጥላ ፒያሳ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 12:30

ጋሼ፣ አዘዝኩ። 20 ደርዘን። ከሰዓት ዶፍ ወረደ፣ 14 ሸጥኩ። ለጥቅምት ደግሞ ወደ ጎዴ የሚልክልኝ ሰው ባገኝስ?

---

የዝናብ መለኪያ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 12:50

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ህንድ ውቅያኖስን አይተን እንነጋገር።